ሙዚቃው ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ድምፅዎ ግን አይደርስም

ገመድ አልባው ኤርፖድ ጆሮ ላይ ተሰክቶ ሙዚቃውን ያለ እንከን ያጫውታል። ጥሪ ሲመጣ ግን ከዚያኛው ወገን የሚሰማው «ሄሎ? ሄሎ? ኧረ አይሰማም!» ብቻ ይሆናል። እርስዎ የደዋዩን ቃል አንድም ሳይቀር ይሰማሉ፤ እሱ ግን የእርስዎን ምንም አይሰማም። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ኔትወርኩን ይወቅሳል፤ ኤርፖዱን እንዳይጠረጥር ሙዚቃው ያዘናጋዋል። ሙዚቃ መሰማቱ ግን ስለ ማይኩ የሚነግረን ነገር የለም። ሁለቱ በብሉቱዝ ውስጥ የሚጓዙት በተለያየ መስመር ነው፤ አንደኛው መስመር ደህና ሆኖ ሌላኛው ጭራሽ ሳይከፈት ሊቀር ይችላል።

ኤርፖድና ስልክ ሲጣመሩ እያንዳንዱ ምን ምን ሥራ እንደሚችል ይነጋገራሉ። እነዚህ ሥራዎች ፕሮፋይል ይባላሉ። ለሙዚቃ የተሠራው ፕሮፋይል ኤቱዲፒ ይባላል፤ ድምፅ የሚወስደውም ከስልክ ወደ ጆሮ ብቻ ነው። በውስጡ ለማይክ የተተወ ቦታ የለም። ስልኩ ሙዚቃውን ትንሽ አስቀድሞ ይልክና ኤርፖዱ እያጠራቀመ ያጫውታል፤ በአየር ላይ የጠፋ ቁራጭ ካለ እንደገና ይላክለታል። በዚህ የተነሳ የምንሰማው ድምፅ ከሰከንድ አሥረኛ እጅ በላይ ሊዘገይ ይችላል፤ ሙዚቃ ለሚያዳምጥ ሰው ግን ይህ አይታወቅም። ጥራቱም ጥሩ ነው፤ ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ተለክቶ፣ ቀኝና ግራው ተለይቶ ይደርሳል።

የጥሪው ፕሮፋይል ኤችኤፍፒ ነው። መጀመሪያ የታሰበው ለመኪና ነበር፦ አሽከርካሪው ስልኩን ሳያነሳ በመኪናው ማይክና ስፒከር እንዲነጋገር። ድምፅ በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል። ንግግር ደግሞ መዘግየትን አይችልም፤ ሰው መልስ ሲጠብቅ ትንሽ ክፍተት እንኳ ካለ አንዱ በሌላው ላይ መናገር ይጀምራል። ስለዚህ ለመሄጃውም ለመምጫውም በየተወሰነ ቅጽበት ቋሚ ጊዜ ይያዛል፤ በየአቅጣጫው የሚያልፈው መረጃም በሰከንድ 64 ኪሎቢት ብቻ ነው። የቀድሞው የድምፅ አሠራር ድምፁን በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የተጨመረው የተሻለው ደግሞ 16,000 ጊዜ። የተሻለው እንኳ ከሙዚቃው ግማሽ አይደርስም። ቀኝና ግራም የለም፤ ሁለቱም ጆሮ አንድ ድምፅ ይሰማል።

በተለመደው ብሉቱዝ ሁለቱ ፕሮፋይሎች ጎን ለጎን አይሠሩም። ጥሪ ሲጀመር መሣሪያው የሙዚቃውን መስመር አቁሞ የጥሪውን ይከፍታል፤ ጥሪው ሲያልቅ ወደ ሙዚቃው ይመለሳል። ይህ ቅያሬ ካልተሳካ ማይኩ ሥራ አይጀምርም።

ቅያሬው መሳካቱን ጆሮ ራሱ ሊለይ ይችላል። ውይይት ላይ ገብተው የሌላው ሰው ድምፅ ቀጠን፣ ደብዘዝ ካለ፣ ከበስተኋላ ሙዚቃ ከነበረም ጥልቀቱን አጥቶ እንደ ድሮ ስልክ ከሆነ፣ የጥሪው መስመር ተከፍቷል ማለት ነው። ሰው በዚህ ይናደዳል፤ «ኤርፖዱ ተበላሸ» ይላል። ነገር ግን ማይኩ የተከፈተው ያኔ ነው። በተቃራኒው ውይይት ላይ እያሉ ድምፁ እንደ ሙዚቃው ሙሉና ቆንጆ ሆኖ ከቀጠለ መጠርጠር ያለበት ያኔ ነው፦ አሁንም ያሉት በአንድ አቅጣጫው መስመር ላይ ነው፤ ድምፅዎን የሚቀበለው ማይክ ካለም ሌላ ቦታ ያለ ማይክ ነው።

ያ ሌላ ማይክ አብዛኛውን ጊዜ የስልኩ ወይም የላፕቶፑ ነው። አንዳንድ የጨዋታ አፖችና በብሮውዘር የሚደረጉ ስብሰባዎች ድምፁን በሙዚቃው መስመር ወደ ጆሮ እየላኩ፣ ማይኩን ግን ከራሱ ከስልኩ ይወስዳሉ። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ካለ ማንም ልዩነቱን አያውቅም። ኪስ ወይም ቦርሳ ውስጥ ሲገባ ግን ሌላው ሰው የሚሰማው የጨርቅ ኮሽታ ብቻ ነው። የትኛው ማይክ እንደሚሠራ ለመለየት ወዳጅዎን ደውለው እያነጋገሩ ጆሮዎ ላይ ያለውን ኤርፖድ በጥፍርዎ ቀስ ብለው ይፋቁት፤ ቀጥሎ የስልኩን የታችኛውን ጫፍ ይፋቁ። የትኛው ፍቅታ ጎልቶ እንደተሰማው ይጠይቁት። የድምፅ መቅጃ አፕ ከፍቶ መሞከር ግን ያሳስታል፤ ኤርፖዱ ቢገናኝም አብዛኞቹ መቅጃዎች የሚቀዱት በስልኩ ማይክ ነው፤ ቅጂው ጥርት ያለ መሆኑ ስለ ኤርፖዱ ማስረጃ አይሆንም።

በአንድሮይድ ስልክ ሁለት ቦታ ማየት ይበቃል። አንደኛው የብሉቱዝ ሴቲንግ ነው፦ ከኤርፖዱ ስም አጠገብ ያለውን የማርሽ ምልክት ሲነኩ «Phone calls» እና «Media audio» የሚሉ ሁለት ማብሪያዎች ይመጣሉ፤ በሳምሰንግ ላይ «Calls» እና «Audio» ይላሉ። እነዚህ ሁለቱ ፕሮፋይሎች ናቸው። የጥሪው ከጠፋ ሙዚቃው በኤርፖዱ ይቀጥላል፤ ጥሪው ግን ወደ ስልኩ ይሄዳል። ሁለተኛው ቦታ የአፑ ፈቃድ ነው። መደበኛ ጥሪ በኤርፖዱ በደንብ እየሠራ በኋትሳፕ ወይም በቴሌግራም የሚደረገው ብቻ እምቢ ካለ፣ ጥፋቱ የኤርፖዱ አይደለም። ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ አፖች ከብሉቱዝ መሣሪያ ጋር ለመሥራት «Nearby devices» የሚባል ፈቃድ ይጠይቃሉ። ጥያቄው በጥሪ መሃል ብቅ ሲል ሰው ቸኩሎ ይከለክለዋል፤ ከዚያ በኋላ አፑ ኤርፖዱን ለጥሪ ማግኘት አይችልም። ከሴቲንግ አፑን ከፍቶ በፈቃዶቹ ዝርዝር ውስጥ ይህንንና የማይኩን መፍቀድ ነው። ውጭ አገር ካለ ቤተሰብ ጋር በአፕ ብቻ ለሚገናኝ ሰው ይህቺ አንዲት ፈቃድ ጉዳዩን ሁሉ ትወስነዋለች።

ችግሩ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠላለፈው ላፕቶፕ ላይ ነው። አንዲት የሒሳብ ባለሙያ የገጠማትን ልንገራችሁ። በዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ ሙዚቃ እያዳመጠች ትሠራለች፤ ዙም ስትከፍት ሙዚቃው ወዲያው ይደበዝዝባት ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዋ መፍትሔ ነገራት፤ በኤርፖዱ «Properties» ውስጥ «Services» በሚለው ገጽ ላይ «Handsfree Telephony» የሚለውን ምልክት አንሺ አላት። አነሳች፤ ሙዚቃው ከዚያ በኋላ አልደበዘዘም። ሳምንታት አልፈው ለሥራ ቅጥር በዙም ቃለ መጠይቅ ሲደረግላት ጠያቂዎቹ «ከጉድጓድ ውስጥ የምትናገሪ ይመስላል» አሏት። እሷ የእነሱን ድምፅ ከወትሮው ይበልጥ ጥርት አድርጋ ትሰማ ስለነበር ጥፋቱ በእነሱ በኩል መሰላት።

የሆነው ይህ ነው። ያንን ምልክት ስታነሳ የጠፋው ድብዘዛው ብቻ አልነበረም፤ የጥሪው ፕሮፋይል ራሱ ጠፍቷል። የኤርፖዱ ማይክ ከዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ ወጣ። ዙም ማይኩን ሲያጣው ምንም ሳይናገር የላፕቶፑን ማይክ ያዘ። ላፕቶፑ ደግሞ ከትልቅ ስክሪን ጋር ተያይዞ ክዳኑ ተዘግቶ ነበር፤ ማይኩ በክዳኑና በኪቦርዱ መካከል ታፍኖ ቀረ። የድምፁ ጥራት አለመቀነሱ ፍንጭ ሊሆናት ይችል ነበር።

ማስተካከያው ሁለት ዓይነት ነው። ላፕቶፑ ሩቅ ከሆነ ወይም ቤቱ ጫጫታ ካለው ምልክቱን መልሶ ማድረግና በዙም የድምፅ ሴቲንግ ማይኩንም ስፒከሩንም ኤርፖዱ ላይ ማድረግ ነው። በዊንዶውስ 11 ወደ ምልክቱ የሚያደርሰው በብሉቱዝ ሴቲንግ ውስጥ ያለው «More devices and printer settings» ነው። በዊንዶውስ 10 ኤርፖዱ በሁለት ስም ይታያል፤ «Stereo» የሚለው የሙዚቃው፣ «Hands-Free» የሚለው የጥሪው ነው። ማይኩን ከጥሪው፣ ስፒከሩን ከሙዚቃው ለመውሰድ የሞከረ ሰው ግጭት ይገጥመዋል፤ ማይኩ ሲከፈት የሙዚቃው መስመር ስለሚዘጋ ጆሮው ዝም ሊል ይችላል። ሁለቱም በጥሪው ስም ላይ መሆን አለባቸው።

ሌላኛው ማስተካከያ እኔ የማስቀድመው ነው፤ ቤቱ ጸጥ ያለ ከሆነና ክዳኑ ከተከፈተ ማይኩን የላፕቶፑን፣ ስፒከሩን ብቻ የኤርፖዱን ማድረግ። ኤርፖዱ ማይኩን እንዲከፍት የሚጠይቀው ስለሌለ በሙዚቃው መስመር ላይ ይቆያል፤ እርስዎ በሙሉ ጥራት ይሰማሉ፣ ላፕቶፑ ፊትዎ እስካለ ድረስ ድምፅዎም ከኤርፖዱ ጠባብ መስመር የተሻለ ሆኖ ይደርሳል። ዙም ማይኩን መሞከሪያ አለው፤ ጥቂት ተናግረው ሲጨርሱ ድምፅዎን መልሶ ያሰማዎታል። ስብሰባ ከመጀመሩ በፊት ይህን ማድረግ ይሻላል።

በአንድ ጊዜ ከስልክም ከላፕቶፕም ጋር የሚገናኙ ኤርፖዶች ተጨማሪ ጣጣ አላቸው። ላፕቶፑ ላይ ያልተዘጋ የስብሰባ ገጽ ማይኩን ይዞ ከቆየ፣ በስልክ የመጣው ጥሪ ድምፁን አግኝቶ ማይኩን ሊያጣ ይችላል። የላፕቶፑን ብሉቱዝ አጥፍቶ መሞከር ይህንን ወዲያው ይለየዋል። ማብሪያዎቹና ፈቃዶቹ ሁሉ ልክ ሆነውም እምቢ ካለ፣ ኤርፖዱን ከስልኩ ዝርዝር አስወግዶ እንደ አዲስ ማጣመር የተሳሳተውን የፕሮፋይል መዝገብ ያድሰዋል።

ድምፁ ደብዝዞ፣ መስመሩ መከፈቱ ተረጋግጦ፣ በሌላ ሰው ስልክም ተሞክሮ አሁንም ካልተሰማ ጥፋቱ ማይኩ ላይ ነው። ግራውን ብቻ፣ ከዚያም ቀኙን ብቻ አድርገው ይደውሉ፤ በአንዱ የሚሰማ ከሆነ የሌላው ማይክ ቀዳዳ በቆሻሻ ወይም በላብ ተደፍኖ ይሆናል። በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ፤ መርፌ አይግባበት፣ ከቀዳዳው ኋላ ያለው ስስ ሽፋን ይበሳል።

ይህን ቅያሬ ከሥሩ ለማስቀረት የተሠራው ኤልኢ ኦዲዮ የተባለው አዲሱ አሠራር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነ ሲሆን በአዲስ የድምፅ አጨማመቅ፣ ማይኩ ተከፍቶም ጥሩ ድምፅ እንዲሰማ ታስቦ ነው የተሠራው። የሚጠቅመው ግን ኤርፖዱም ስልኩም ወይም ላፕቶፑም ሲደግፉት ነው፤ አንዳቸው ካልቻሉ ግንኙነቱ ወደ ቀድሞዎቹ ሁለት ፕሮፋይሎች ይመለሳል። አዲስ ኤርፖድ ለመግዛት ያሰበ ሰው በካርቶኑ ላይ «LE Audio» የሚለውን ካየ፣ ያለው ስልክም እንደሚደግፈው አይቶ ይግዛ።