ረጅም የሠርግ ፊልምን በቴሌግራም ለመላክ የሚያስችል የመጠን ቅነሳ አሠራር

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል በአስኮ አካባቢ የተደገሰ ሠርግ ፊልም ውጭ አገር ለሚኖር ቤተ ዘመድ ይደርስ የነበረው ቀድሞ በቪዲዮ ካሴት፣ ኋላም በዲስክ ተቀድቶ በመንገደኛ እጅ ነበር። ዛሬ ይህንኑ ተግባር በአመዛኙ የሚያከናውኑት እንደ ቴሌግራም ያሉ የመልእክት መለዋወጫዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ቀራጩ ባለሙያ ለቤተሰቡ የሚያስረክበው የብዙ ሰዓታት ፊልም መለዋወጫው ከሚፈቅደው የፋይል መጠን በላይ ስለሚሆን ሳይላክ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ቴሌግራም ለመደበኛ ተጠቃሚዎች የሚፈቅደው ለአንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2022 ጀምሮ ክፍያ ለሚፈጽሙ ደንበኞች ጣሪያው ወደ 4 ጊጋባይት ከፍ ብሏል።

አሠራሩን በምሳሌ ለመረዳት 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ የሚረዝም፣ የጋብቻ ሥነ ሥርዓቱን፣ የምሳ ግብዣውንና መልሱን አጠቃልሎ የያዘ ፊልም ይወሰድ። የምስሉ ስፋት 1920 በ1080 ነጥብ ነው፤ በየሰከንዱም 12 ሜጋቢት መረጃ ይዟል። ጠቅላላ ርዝመቱ 12,000 ሰከንድ በመሆኑ የፋይሉ መጠን 18 ጊጋባይት ይደርሳል። ይህም ከተፈቀደው ዘጠኝ እጥፍ ነው።

ብዙዎች በቅድሚያ የሚሞክሩት ፋይሉን እንደ ጽሑፍ ሰነድ ወደ ዚፕ መለወጥ ነው። ይህ ግን ውጤት አይሰጥም። ዚፕ መጠን የሚቀንሰው ተደጋጋሚ መረጃን አሳጥሮ በመጻፍ ሲሆን፣ የቪዲዮ ፋይል ደግሞ ገና በካሜራው ውስጥ ሳለ በዚሁ ዓይነት መንገድ ተጨምቆ ያለቀ ነው። በመሆኑም ከ18 ጊጋባይቱ የሚቀነሰው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። መጠኑን በርግጥ ለመቀነስ ፊልሙን እንደገና መጭመቅ ያስፈልጋል።

የመጠኑ ስሌት

የቪዲዮ ፋይልን መጠን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም የፊልሙ ርዝመትና ለእያንዳንዱ ሰከንድ የተመደበው የቢት ብዛት ናቸው። ይህ ምደባ በሙያው ቢትሬት ይባላል። የምስሉ ስፋት ብቻውን የፋይሉን መጠን አይወስንም። ስለሆነም ሥራው የሚጀመረው ከተፈቀደው መጠን ተነስቶ ለአንድ ሰከንድ ምን ያህል ቢት እንደሚደርሰው በማካፈል ነው።

ሙሉውን 2 ጊጋባይት መጠቀም አይመከርም፤ ጥቂት መጠባበቂያ መተው ይገባል። 1.9 ጊጋባይት ቢወሰድ፣ አንድ ባይት 8 ቢት በመሆኑ 15.2 ቢሊዮን ቢት ይሆናል። ይህ ለ12,000 ሰከንድ ሲካፈል ለአንድ ሰከንድ 1,266 ኪሎቢት ይደርሳል። ከዚህ ውስጥ 128 ኪሎቢት ለድምፅ ይመደባል። ለምስሉ የሚቀረው 1,138 ኪሎቢት ሲሆን፣ ወደ 1,100 ዝቅ አድርጎ መያዝ ተገቢ ነው። በዚህ ምደባ የሚገኘው ፋይል 1.84 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል።

ከድምፁ ላይ ቀንሶ ለምስሉ መጨመር አያዋጣም። ድምፁ የያዘው ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ ብቻ ነው፤ ቅነሳው ለምስሉ የሚያስገኘው ጥቅም አነስተኛ ሲሆን የሽማግሌዎቹን ምርቃትና የወላጆችን ንግግር ግን ለማዳመጥ አዳጋች ሊያደርግ ይችላል።

1,100 ኪሎቢት ከቀድሞው ጋር ሲነጻጸር እንግዳ ቁጥር አይደለም። በቪሲዲ ዲስክ ይታደሉ የነበሩት የሠርግ ፊልሞች ለምስል በሰከንድ 1,150 ኪሎቢት ይመደብላቸው ነበር። ልዩነቱ የቪሲዲ ምስል 352 በ288 ነጥብ ብቻ የነበረ መሆኑ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኤች.264 የተሰኘው የመጭመቂያ ደረጃ በተቀራራቢ የቢት ምደባ ዘጠኝ እጥፍ ነጥቦች ያሉትን ምስል በተሻለ ጥራት ለመያዝ አስችሏል።

የምስሉን ስፋት መቀነስ

ምደባው ከ12,000 ወደ 1,100 ኪሎቢት ገደማ ሲወርድ 1920 በ1080 የሆነውን ስፋት እንዳለ ማቆየት ጉዳት ያስከትላል። ጥቂት ቢት ለብዙ ነጥቦች ሲከፋፈል ምስሉ በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይከፋፈላል። ስፋቱ ወደ 1280 በ720 ዝቅ ሲል ግን የነጥቦቹ ብዛት ከግማሽ በታች ስለሚሆን ለእያንዳንዱ ነጥብ የሚደርሰው ድርሻ ከእጥፍ በላይ ያድጋል። ፊልሙ በአብዛኛው በስልክ የሚታይ ከሆነ የስፋቱ መቀነስ እምብዛም አይስተዋልም።

ጉዳቱ ቀድሞ የሚታየው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ጭፈራው ነው። መጭመቂያው አብዛኛውን ቁጠባ የሚያገኘው ከአንዱ ምስል ወደ ቀጣዩ ያልተለወጠውን ክፍል ደግሞ ባለመመዝገብ ነው፤ ሙሽሮቹን ከብበው እስክስታ የሚመቱ እንግዶች ባሉበት ትዕይንት ግን ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል። ሁለተኛው የአገር ልብሱ ጥበብ ነው፤ ደቂቅ የሆነው ጥልፍ ቢት ሲያንሰው ቅርጹን አጥቶ ቀለም ብቻ ይሆናል።

በሁለት ዙር መጭመቅ

ይህንን ጉዳት ለመቀነስ ሥራው በሁለት ዙር ይከናወናል። በመጀመሪያው ዙር ፕሮግራሙ ሙሉውን ፊልም አይቶ የትኛው ክፍል ከባድ፣ የትኛው ቀላል እንደሆነ ይመዘግባል። በሁለተኛው ዙር በምዝገባው መሠረት ቢቱን ያከፋፍላል፤ እንግዶች ተቀምጠው ንግግር ከሚያዳምጡበት ክፍል ቀንሶ ለጭፈራው ይጨምራል። አማካዩ 1,100 ኪሎቢት ሆኖ ስለሚጠበቅ የፋይሉ መጠን ከስሌቱ ብዙም አይርቅም። ጥራትን ብቻ አስቀድሞ የሚወስነው ሌላው ስልት ግን የመጨረሻውን መጠን ስለማያረጋግጥ ጣሪያ ላለበት ሥራ አይመችም።

ለዚህ ተግባር ያለ ክፍያ ከሚገኙት ፕሮግራሞች አንዱ HandBrake ሲሆን፣ በቪዲዮ ገጹ ላይ Avg Bitrate በሚለው ስፍራ 1100 ተጽፎ የሁለት ዙር ምርጫው ይከፈታል። በትእዛዝ መሥራት የለመደ ሰው ደግሞ ffmpeg የተባለውን ፕሮግራም በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ እንደሚከተለው ሊጠቀም ይችላል።

```
ffmpeg -y -i serg.mp4 -vf scale=-2:720 -c:v libx264 -preset slow -b:v 1100k -pass 1 -an -f null NUL
ffmpeg -i serg.mp4 -vf scale=-2:720 -c:v libx264 -preset slow -b:v 1100k -pass 2 -c:a aac -b:a 128k -movflags +faststart serg720.mp4
```

የመጀመሪያው ትእዛዝ ምዝገባውን ብቻ ስለሚያከናውን የሚታይ ፊልም አያወጣም። ሁለተኛው ምዝገባውን ስለሚፈልግ ሁለቱም በአንድ ማኅደር ውስጥ ሆነው በተከታታይ መሠራት አለባቸው። በሁለተኛው ትእዛዝ መጨረሻ አካባቢ ያለው faststart የፊልሙን ማውጫ ወደ ፋይሉ መግቢያ ያመጣዋል፤ ይህም ተቀባዩ ፋይሉ ወርዶ እስኪያልቅ ሳይጠብቅ ማየት እንዲጀምር ያግዛል።

ሥራው ለሰዓታት ሊቆይ ስለሚችል ሙሉውን ፊልም ከመጀመር በፊት ሁለት ደቂቃ ያህል መሞከር ይመረጣል። ጭፈራው የሚጀምረው በ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ላይ ቢሆን በሁለቱም ትእዛዞች ከ -i በፊት የሚከተለው ይጨመራል።

```
-ss 01:40:00 -t 120
```

ሙከራው በጭፈራው ላይ መደረጉ ምክንያት አለው፤ በዚያ ትዕይንት ተቀባይነት ያለው ምስል ከተገኘ ሌላው ክፍል የሚያሰጋ አይሆንም። የሙከራው መጠን ግን ለመላው ፊልም መለኪያ ተደርጎ አይወሰድም።

ከመላክ በፊት የሚደረግ ማጣራት

ፋይሉ ሲዘጋጅ በቅድሚያ ርዝመቱ ከዋናው ጋር እኩል መሆኑ ይታያል። ከ3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ካነሰ ሥራው በኤሌክትሪክ መቋረጥ ወይም በዲስክ መሙላት ሳቢያ ሳያልቅ ቆሟል ማለት ነው። ቀጥሎ የፊልሙ የመጨረሻ ደቂቃዎች ተከፍተው የተናጋሪው አፍና ድምፁ መገጣጠማቸው ይመረመራል፤ መዛነፍ ካለ ጎልቶ የሚታየው መጨረሻው ላይ ነውና።

በመጠኑ ንባብ ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዊንዶውስ ጊጋባይትን የሚቆጥረው በ1,000 ሳይሆን በ1,024 እያባዛ ስለሆነ ያው 1.84 ጊጋባይት ፋይል 1.71 ሆኖ ይነበባል። ስሌቱ ተሳስቷል ብሎ ምደባውን ከማሳደግ በፊት በፋይሉ መግለጫ ላይ በባይት የተጻፈውን ሙሉ ቁጥር ማየት ይገባል።

በሚላክበትም ጊዜ በቪዲዮነት ሳይሆን በፋይልነት መላኩ ይመረጣል። በቪዲዮነት ሲላክ የስልኩ መተግበሪያ በራሱ እንደገና ሊጨምቀው ስለሚችል ቀደም ሲል የተደረገው ጥንቃቄ ከንቱ ይሆናል።

ፊልሙን በክፍል መላክ

ጣሪያው የተቀመጠው ለአንድ ፋይል እንጂ ለአንድ ሠርግ አለመሆኑ ሌላ አማራጭ ይከፍታል። ፊልሙ በሥነ ሥርዓቱ፣ በግብዣውና በመልሱ ተለይቶ 50፣ 90 እና 60 ደቂቃ በሚረዝሙ ሦስት ፋይሎች ቢቀርብ፣ ረጅሙ ክፍል እንኳ በሰከንድ 2,500 ኪሎቢት የምስል ምደባ ተሰጥቶት ከ1.8 ጊጋባይት አይበልጥም። ይህም ከመጀመሪያው ምደባ ከሁለት እጥፍ በላይ በመሆኑ በጭፈራውና በጥበቡ ላይ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል።

ዋጋው የሚከፈለው በመስመር ጊዜ ነው። በሰከንድ 2 ሜጋቢት በሚጭን መስመር አንዱን ባለ 1.84 ጊጋባይት ፋይል ለመላክ ሁለት ሰዓት ገደማ ሲፈጅ፣ የሦስቱ ክፍሎች ድምር 3.9 ጊጋባይት ስለሚሆን አራት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ሆኖም መስመሩ ተቋርጦ ጭነቱ ቢበላሽ እንደገና የሚላከው አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ተቀባዩም የሚፈልገውን ክፍል ለይቶ ማውረድ ይችላል። ይህ በተለይ የኢንተርኔት ጥቅል እየገዛ ለሚጠቀም የአገር ውስጥ ዘመድ ጥቅሙ የጎላ ነው።

በየትኛውም መንገድ ቢሠራ የተጨመቀው ቅጂ ዋናውን ሊተካ አይችልም። በመጭመቅ የተጣለ ዝርዝር ተመልሶ አይገኝም፤ ከተጨመቀው ላይ ደግሞ መጭመቅም ጉዳቱን ያደራርበዋል። በመሆኑም ሌላ መጠን ባስፈለገ ቁጥር ሥራው ከዋናው ፋይል መጀመር አለበት። ባለ 18 ጊጋባይቱን ዋና ፋይል በሁለት የተለያዩ ማከማቻዎች ማስቀመጥ የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው። ማከማቻው ፋት 32 በተባለው ሥርዓት የተሰናዳ ፍላሽ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ይህን ለማስቀረት ፍላሹን፣ በላዩ ያለው መረጃ ወደ ሌላ ቦታ ከተገለበጠ በኋላ፣ ኤክስ ፋት በተባለው ሥርዓት እንደገና ማሰናዳት ይበቃል።