ዜሮና ባዶ

የኳስ ውጤት ስናወራ «ዜሮ» የሚለውን ቃል እምብዛም አንጠቀምም። «ሁለት ለባዶ አሸነፉ» እንላለን፤ ሰሚውም አይሳሳትም። ተሸናፊው ቡድን ሜዳ ገብቶ፣ ተጫውቶ፣ ግብ ሳያገባ ወጣ ማለት ነው። ጨዋታው ገና ካልተካሄደ ግን ስለ ባዶም ሆነ ስለ አንድ ማንም አያወራም። ውጤት የለማ! ድረ ገጾች የሚሠሩበት ጃቫስክሪፕት የተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ይህን ልዩነት ሊያጠፋብን እንደሚችል የተረዳሁትም በኳስ ውጤት ነው።

ክረምት ላይ በሰፈራችን 11 የታዳጊዎች ቡድኖች እርስ በርስ የሚገናኙበት ውድድር ነበር፤ ለእያንዳንዱ ቡድን 10 ጨዋታ ይደርሰዋል። ውጤቱ የሚመዘገብበትን ገጽ የሠራሁት እኔ ነኝ። አስተባባሪው የገቡትን ግቦች በየሣጥኑ ይጽፋል፤ በዝናብ ምክንያት የተላለፈ ጨዋታ ካለ ሣጥኑን ሳይነካው ያልፋል። ገጹ ደግሞ ግቡን ሳያስደፍር ብዙ ጨዋታ የጨረሰውን በረኛ ይለያል፤ ለእሱ ጓንት ተዘጋጅቶለታል። ቆጠራውን የሚያከናውነው ክፍል ይህ ነበር፦

```js
if (goals == 0) {
  cleanSheets = cleanSheets + 1;
}
```

በረኛው ላይ የገባው ግብ ዜሮ ከሆነ ግብ ያልገባበትን ጨዋታ በአንድ ጨምር ማለት ነው። ከዚህ በላይ ግልጽ ትእዛዝ ያለ አይመስልም። ይሁን እንጂ ገጹ በ5 ጨዋታ ግቡን አላስደፈረም ብሎ አንደኛ ያደረገውን ልጅ አሠልጣኙ ራሱ ሲያይ ተገረመ። «ይሄ ልጅ እኮ የተጫወተው 7 ጨዋታ ነው፤ ሳይገባበት የወጣው ሁለቴ ብቻ ነው» አለኝ። 10ሩንም ተጫውቶ በ4ቱ መረቡን ያላስደፈረው ሌላው በረኛ ሁለተኛ ሆኖ ተቀምጧል። ትርፉ 3 ከየት መጣ? በዝናብ ከተላለፉት 3 ጨዋታዎች ነው። ልጁ ያልቆመባቸው ግቦች ሳይደፈሩ እንደዋሉ ተቆጥረውለታል።

ነገሩ የሚጀምረው ከሣጥኑ ነው። ሰው በድረ ገጽ ሣጥን ውስጥ የሚጽፈው ሁሉ ለጃቫስክሪፕት የሚደርሰው በጽሑፍነት ነው። አስተባባሪው 3 ቢጽፍም ፕሮግራሙ የሚያገኘው ቁጥሩን ሳይሆን የ3ን ቅርጽ የያዘ ጽሑፍ ነው፤ በፕሮግራም ሲጻፍ በትምህርተ ጥቅስ ይታጠራል። ሣጥኑ ካልተነካ የሚደርሰው አንድም ፊደል የሌለበት ጽሑፍ ነው፤ እሱም በሁለት ጥቅሶች መካከል ምንም ሳይገባ `""` ተብሎ ይጻፋል። እንግዲህ በእኔ ትእዛዝ ውስጥ ከግራ ጽሑፍ፣ ከቀኝ ቁጥር ተቀምጧል ማለት ነው።

ሁለት እኩል ምልክቶችን ያጣመረው `==` እንዲህ ዓይነት የማይመሳሰሉ ነገሮች ሲገጥሙት አይመልሳቸውም። የቋንቋው መተዳደሪያ ሰነድ፣ አንዱ ቁጥር ሌላው ጽሑፍ ከሆነ ጽሑፉን ወደ ቁጥር ቀይረህ አወዳድር ይለዋል። ጽሑፉ `"3"` ከሆነ 3 ይሆናል፤ ችግር የለም። `"abc"` ከሆነ ደግሞ `NaN` የሚባል፣ «ይህ ቁጥር አይደለም» የሚል ምልክት ይሆናል፤ እሱም ከምንም ጋር እኩል አይሆንም። ባዶ ጽሑፍ ሲመጣ ግን ሰነዱ ዜሮ አድርገው ይላል። ከፊትና ከኋላ ያለው ክፍት ቦታ ስለሚጣል፣ ሣጥኑ ውስጥ አንድ ጊዜ የክፍት ቦታ ቁልፍ ቢነካ እንኳ ውጤቱ ያው ዜሮ ነው።

በእኔ እምነት ስህተቱ የተሠራው እዚህ ላይ ነው። ከባዶ ጽሑፍ የሚነበብ ቁጥር የለም፤ እንደ `"abc"` ሁሉ `NaN` መሆን ነበረበት። በዚያው ቋንቋ ያለው `parseInt` የተባለ ሌላ መቀየሪያ ባዶ ጽሑፍ ሲሰጠው `NaN` ብሎ ነው የሚመልሰው።

ማየት የሚፈልግ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ብራውዘር ከፍቶ F12ን ይጫንና ኮንሶል በሚለው ክፍል እነዚህን አንድ በአንድ ይጻፍ። መልሳቸውን ከጎናቸው አስቀምጫለሁ፦

```js
0 == ""      // true
0 == "0"     // true
"" == "0"    // false
```

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እውነት ናቸው፤ ዜሮ ከባዶ ጽሑፍም፣ ከተጻፈ ዜሮም ጋር እኩል ነው። ሦስተኛው ላይ ግን ሁለቱም ጽሑፍ ስለሆኑ ለውጥ አያስፈልግም፤ ፊደል በፊደል ይተያያሉ፣ አንዱ ምንም የለው፣ ሌላው አንድ ምልክት አለው፣ አይገናኙም። ሁለት ሰዎች ቁመታቸው ከእኔ እኩል ከሆነ እርስ በርሳቸውም እኩል ናቸው። `==` ይህን እንኳ አያሟላም።

ብሬንዳን አይክ ኔትስኬፕ በተባለው ኩባንያ ሳለ በግንቦት 1995 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የቋንቋውን የመጀመሪያ ቅርጽ በ10 ቀን ውስጥ አዘጋጀ። ቁጥርና ጽሑፍ ሳይቀያየሩ በ`==` እንዲወዳደሩ የጠየቁት ቀድመው የሞከሩት የሥራ ባልደረቦቹ ነበሩ፤ አይክም እሺ ማለቱን በኋላ በይፋ ተጸጽቶበታል። በ1997 ኔትስኬፕ በጃቫስክሪፕት 1.2 ይህን መቀያየር አስቀርቶ ነበር፤ በሚቀጥለው እትም ግን ወደ ነበረበት መለሰው። በ1999 መጨረሻ የወጣው ሦስተኛው ደረጃ አሮጌውን ሳይነካ አዲስ ምልክት ጨመረ፤ እሱም ዓይነታቸው የተለያየ ነገሮችን እኩል አይደሉም የሚለው ባለ ሦስቱ `===` ነው። ፒኤችፒ የተባለው ሌላ ቋንቋ ተመሳሳይ ችግር ነበረበት፤ በ2020 በወጣው ስምንተኛ እትሙ ዜሮና ባዶ ጽሑፍን ለያይቷቸዋል። ፒኤችፒን የሚያሳድገው የድረ ገጹ ባለቤት ስለሆነ ሞክሮና አስተካክሎ ይቀይራል። ብራውዘር ግን በጎብኚው ስልክ ላይ ራሱን ያድሳል፤ ሕጉ ቢለወጥ ለዓመታት ማንም ያልነካቸው ገጾች በአንድ ሌሊት ይበላሻሉ።

ስለዚህ ማረም ያለብን እኛው ነን፤ እርማቱም እንደሚባለው አንድ ምልክት ጨምሮ መተው አይደለም። እኔ መጀመሪያ `===` አደረግሁ፤ የሁሉም በረኞች ቆጠራ ዜሮ ሆኖ አረፈው። በሣጥኑ የተጻፈው `"0"` ጽሑፍ ስለሆነ ከቁጥሩ ዜሮ ጋር አልተገናኘም። ቀጥዬ በ`Number` ወደ ቁጥር ቀየርኩት፤ የተላለፉት 3 ጨዋታዎች ተመልሰው መጡ፤ `Number` ራሱ ባዶውን ጽሑፍ ዜሮ ያደርገዋልና። የሠራው፣ ከመቀየሩ በፊት ሣጥኑ ተሞልቷል ወይ ብሎ የሚጠይቀው ነው፦

```js
const text = box.value.trim();
if (text !== "" && Number(text) === 0) {
  cleanSheets = cleanSheets + 1;
}
```

`trim` ዳርና ዳር ያለውን ክፍት ቦታ ይጠርጋል። ከዚያ የተጻፈ ነገር መኖሩ ይረጋገጣል፤ ዜሮ መሆኑ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው።

የምትሠሩት ገጽ ከሰው ቁጥር የሚቀበል ከሆነ ከማስረከባችሁ በፊት ሦስት ነገር ሞክሩበት፦ ሣጥኑን ባዶ ተዉት፣ ክፍት ቦታ ብቻ ጻፉበት፣ 0 ጻፉበት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንድ ዓይነት መልስ፣ ሦስተኛው ሌላ መልስ መስጠት አለባቸው። የእኛ ገጽ ይህን ሲያልፍ ሰንጠረዡ 4 ለ2 ሆነ፤ ጓንቱንም 10ሩን ጨዋታ የቆመው ልጅ ወሰደ።