ከቤት የሚከፈት፣ ከውጭ የሚዘጋ ድረ-ገጽ

በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት በሚገኝ አንድ መኖሪያ ቤት፣ ቴሌቪዥን ሥር የተቀመጠች አነስተኛ ኮምፒውተር የአንድ ዕድር ድረ-ገጽ ታስተናግዳለች። የአባላት መዋጮና የስብሰባ ቃለ ጉባኤ የሚገኘው እዚያ ነው። አንድ ሰሞን ግን ከሪያድና ከለንደን አቤቱታ መጣ፤ ገጹ አልከፈት አለ። የዕድሩ ጸሐፊ፣ ኮምፒውተሯን ቤታቸው ያኖሩት ሰው፣ ወዲያው `edir.local` ብለው ሞከሩ። አሳሹ የምስክር ወረቀቱ ስም አይገጥምም ብሎ ቢያስጠነቅቅም ገጹ ተከፈተ። «እኔ ጋ ይሠራል» ሲሉ መለሱ።

መልሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ምንም አያስረዳም። ከቤት ውስጥ የተላከ ጥያቄ ራውተሩን አቋርጦ ወደ ውጭ አይወጣም፤ ስለዚህ የውጭው መንገድ ክፍት መሆኑን ሊመሰክር አይችልም። ትክክለኛው ሙከራ የስልክን ዋይፋይ አጥፍቶ በሞባይል ዳታ መግባት ነው። ጸሐፊው ይህን ሲያደርጉ ስልካቸው ረጅም ጊዜ ጠብቆ `ERR_CONNECTION_TIMED_OUT` አላቸው።

ይህ መልእክት ከ`ERR_CONNECTION_REFUSED` የተለየ ነው። ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ «ቤቱ ተገኝቷል፣ በሩን የሚከፍት ግን የለም» ማለት ሲሆን ወዲያው ይመጣል። የመጀመሪያው ግን ዝምታ ነው፤ የተላከው ፓኬት ወይ መንገድ ላይ ጠፍቷል፣ ወይ ፋየርዎል ምላሽ ሳይሰጥ ጥሎታል።

ከውጭ የሚመጣ ጥያቄ መጀመሪያ የሚደርሰው ራውተሩ ዘንድ ነው። በ443ኛው ፖርት የመጣው ለየትኛው የቤት ውስጥ ኮምፒውተር እንደሚተላለፍ የሚነግረው ደንብ በራውተሩ ላይ ተመዝግቦ መገኘት አለበት። የጸሐፊው ራውተር ደንቡ ነበረው፤ ጥያቄውን ወደ `192.168.1.20` ይልክ ነበር። ይሁንና በዚያው ሳምንት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ፣ ራውተሩ ለኮምፒውተሯ አዲስ አድራሻ፣ `192.168.1.37`፣ ሰጥቷት ኖሯል። እንግዶቹ የሚላኩት ማንም ወደማይኖርበት ክፍል ነበር። ጸሐፊው ገጹን በስም እንጂ በቁጥር ስለማይከፍቱ ለውጡን ልብ አላሉም።

ደንቡን አስተካክለው፣ አድራሻው ዳግም እንዳይለወጥ በራውተሩ ላይ ለኮምፒውተሯ ቋሚ አድርገው ያዙላት። ከዚያም በስልክ ሞከሩ። ያው ዝምታ!

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ለውጥ ካላየ ትክክለኛውን ማስተካከያ መልሶ ያፈርሰዋል። ጸሐፊው ግን ደግነቱ አንድ የሙያ ወዳጃቸውን ጠየቁ። ወዳጃቸውም በኮምፒውተሯ ላይ ይህን ትእዛዝ አስጻፋቸው፦

```
sudo tcpdump -ni eth0 tcp port 443
```

ይህ መሣሪያ ወደ ኮምፒውተሯ የሚገባውን ፓኬት የሚያየው ፋየርዎሉ ከመፍረዱ በፊት ነው። ስለሆነም ዳኛ ሆኖ ያገለግላል። ስልኩ ሲሞክር ማያው ባዶ ከሆነ ችግሩ ከኮምፒውተሯ በፊት፣ ማለትም በራውተሩ ወይም ከዚያ ወዲያ ነው። `Flags [S]` የሚል መስመር ደጋግሞ እየመጣ `Flags [S.]` የሚል ምላሽ ካልታየ ግን፣ ጥያቄው ደርሶ ኮምፒውተሯ ውስጥ ታፍኗል። የታየው ሁለተኛው ነበር። `sudo ufw status` ሲሉም ምክንያቱ ወጣ፦

```
443/tcp    ALLOW    192.168.1.0/24
```

ይህ ደንብ የሚፈቅደው ከቤቱ መረብ ለሚመጣ ጥያቄ ብቻ ነው። የጻፉት ራሳቸው ጸሐፊው ናቸው፤ በመዝገቡ ላይ የማያውቋቸው ሰዎች ሙከራ አሳስቧቸው። ራውተሩ ጥያቄውን ሲያስተላልፍ የመድረሻውን አድራሻ ይለውጣል እንጂ የላኪውን እንደ ነበረ ይተወዋል። ስለዚህ የሪያዱ አባል በኮምፒውተሯ ፊት የሚቀርበው በሪያድ አድራሻው ነው፤ ደንቡም አያውቀውም።

```
sudo ufw allow 443/tcp
```

ይህ ከተጻፈ በኋላ ገጹ በስልኩ ላይ ተከፈተ። የርቀት አስተዳደር በር የሆነው 22ኛው ፖርት ግን ለቤት ብቻ እንደ ተፈቀደ ቀርቷል፤ የጸሐፊው ስጋት ተገቢ የነበረው ለዚያኛው ነው።

ይህ ሁሉ የማይጠቅምበት አንድ ሁኔታ አለ። አንዳንድ የኢንተርኔት አቅራቢዎች አንድን የአደባባይ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች ያካፍላሉ። በራውተሩ ገጽ ላይ የሚታየው የውጭ አድራሻ ከ`100.64` እስከ `100.127` ባለው ውስጥ የሚጀምር ከሆነ፣ ወይም «አድራሻዬ ስንት ነው» የሚሉ ድረ-ገጾች ከሚያሳዩት የሚለይ ከሆነ፣ ጥያቄው የሚቆመው በአቅራቢው መሣሪያ ላይ ነው። ያን ጊዜ የቤቱን ራውተር መነካካት ድካም ብቻ ይሆናል፤ ከአቅራቢው የራስን የአደባባይ አድራሻ መጠየቅ፣ አለዚያም በኪራይ ሰርቨር በኩል መሹለኪያ መዘርጋት ያስፈልጋል።