በጀቱ ሲቀነስ ሥራ አስኪያጁ ምን ይበል?

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1 ቀን 2021 ቤተር ዶት ኮም የተባለው የአሜሪካ የቤት ብድር ኩባንያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ቪሻል ጋርግ ወደ 900 የሚጠጉ ሠራተኞችን በዙም ሰብስበው በሦስት ደቂቃ ገደማ አሰናበቷቸው። በስብሰባው ላይ ያለ ሁሉ ከሚቀነሱት አንዱ መሆኑን ነገሯቸው፤ አለቀ። ቀረጻው ዓለምን ካዳረሰ በኋላ ሰውየው ስለ አነጋገራቸው ይቅርታ ጠየቁ፤ ለጥቂት ሳምንታትም ከወንበራቸው ገለል ማለት ግድ ሆነባቸው።

ከዚያ ዓመት ተኩል ቀደም ብሎ ሌላ ኩባንያም ሠራተኛ ቀንሶ ነበር። ኮሮና ጉዞን ሲያቆም የእንግዳ ማረፊያ አከራዩ ኤርቢኤንቢ ከ7,500 ሠራተኞቹ 1,900 ያህሉን ለማሰናበት ተገደደ። ኃላፊው ብራያን ቼስኪ እ.ኤ.አ. በሜይ 5 ቀን 2020 ለሠራተኞች በጻፉት ደብዳቤ የዓመቱ ገቢ ካለፈው ዓመት ከግማሽ በታች እንደሚሆን መገመቱን፣ የትኞቹ ሥራዎች እንደሚቆሙና የሚቀነሱት እንዴት እንደተለዩ ዘረዘሩ። አሜሪካ ያሉት ተሰናባቾች የ14 ሳምንት ደመወዝ፣ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት የአንድ ሳምንት ጭማሪ፣ የ12 ወር የጤና መድን እንደሚያገኙ ገለጹ። ጉዞ መቼ እንደሚመለስ ደግሞ እንደማያውቁ ሳይሸፋፍኑ ጻፉ።

ደብዳቤው ጥሩ ስለነበር ቅነሳው ጥሩ ነበር ማለት አይደለም፤ እንጀራውን ያጣ ሰው በደብዳቤ አይጽናናም። ልዩነቱ ሌላ ነው። የቼስኪን ደብዳቤ ያነበበ ሠራተኛ ማታ ቤቱ ገብቶ እስከ መቼ ኪራይ መክፈል እንደሚችል ማስላት ይችል ነበር። የበጀት ቅነሳ ንግግር የሚመዘነውም በዚህ ነው።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 20 ቀን 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታን ለ90 ቀናት እንዲቆም ሲያዝ፣ በኢትዮጵያም በዕርዳታው ገንዘብ የሚንቀሳቀሱ ፕሮጀክቶች ቆመው ሠራተኞች ሥራ አጥተዋል። እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ አዳራሽ የሚገባ ኃላፊ ምን ይበል? አንድ ምሳሌ ወስደን እንየው።

አዲስ አበባ ውስጥ 60 ሠራተኞች ያሉት አንድ የግል ድርጅት አለ እንበል። ከሐምሌ 1 ጀምሮ የዓመቱ በጀቱ ከ30 ሚሊዮን ብር ወደ 24 ሚሊዮን ይወርዳል። ከጎደለው 6 ሚሊዮን ውስጥ 2.4 ሚሊዮኑ ከኪራይ፣ ከነዳጅ፣ ከሥልጠናና ከመስክ አበል ይገኛል። 1.2 ሚሊዮን ደግሞ ክፍት መደቦችን ባለመሙላት ይተርፋል። የቀረው 2.4 ሚሊዮን በወር 25,000 ብር የሚከፈላቸው የስምንት ሰዎች የዓመት ደመወዝ ነው።

ኃላፊው በሰኔ አጋማሽ ሠራተኛውን ሲሰበስብ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይኸው መሆን አለበት፦ «በጀታችን ከ30 ሚሊዮን ብር ወደ 24 ሚሊዮን ወርዷል፤ ስምንት የሥራ መደቦች ይታጠፋሉ። ማን እንደሚቀነስ ገና አልተወሰነም። በምን መስፈርት እንደሚወሰን አሁን እነግራችኋለሁ፤ እስከ ሰኔ 30 ድረስ ደግሞ እያንዳንዳችሁን ለየብቻ አነጋግራለሁ።» የድርጅቱን ታሪክ፣ የዓለምን ኢኮኖሚና «አንድ ቤተሰብ ነን» የሚለውን አስቀድሞ ሃያ ደቂቃ የሚናገር ኃላፊ ትርፉ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ልቡ ተሰቅሎ ምንም የማይሰማ አዳራሽ ነው። በተለይ «ቤተሰብ» የሚለው ቃል ያን ቀን ባይነሳ ይሻላል፤ ቤተሰብ ልጁን በበጀት አይቀንስም።

መስፈርቱ እንዳሻው የሚወጣ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ቅነሳው ከሠራተኛው ቢያንስ አሥር በመቶውን የሚነካ ከሆነ የሠራተኛ ቅነሳ ሥርዓት ይከተላል። ከ60 ስምንት ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኛ ተወካዮች ጋር ይመካከራል፤ ችሎታና የላቀ ምርታማነት ያላቸው እንዲቆዩ ይደረጋል፤ በዚህ እኩል ከሆኑ በአገልግሎት አጭር የሆነው ቀድሞ ይቀነሳል። ኃላፊው ይህን ሳያደርግ የስም ዝርዝር በኪሱ ይዞ ቢመጣ ስብሰባው ወደ ፍርድ ቤት ሊያመራ ይችላል።

ከዚያ ጥያቄ ይመጣል። ከሁሉ የሚከብደው ብዙ ጊዜ ከሒሳብ ክፍል ይነሳል፦ «እኛን በመቀነስዎ በእርግጥ ስንት ይቆጥባሉ?» 2.4 ሚሊዮን ብሎ የሚመልስ ኃላፊ ሳያውቀው ዋሽቷል። በቅነሳ ለሚወጣ ሠራተኛ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ በዚያ ጊዜ ደመወዙ ይቀጥላል። ጡረታ የማይገባውና አራት ዓመት ያገለገለ ሰው የሥራ ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለሦስቱ ተጨማሪ ዓመታት ለእያንዳንዱ የዚያ ሲሶ፣ በቅነሳ ስለወጣም በተጨማሪ የ60 ቀን ደመወዝ ነው። ሲደመር 100,000 ብር ገደማ ይሆናል። ስምንቱም አራት አራት ዓመት ካገለገሉ ስንብቱ 800,000፣ የማስጠንቀቂያው ሁለት ወር 400,000 ብር ይወስዳል። ከ2.4 ሚሊዮኑ በመጀመሪያው ዓመት የሚተርፈው ግማሹ፣ 1.2 ሚሊዮን ብቻ ነው። እውነተኛው መልስ እንግዲህ «ዘንድሮ 1.2 ሚሊዮን፤ የቀረውን ከመጠባበቂያ እንሸፍናለን» የሚል ይሆናል። መጠባበቂያ ከሌለ ዕቅዱ ራሱ አልቆመም፤ ይህንን ደግሞ ከስብሰባው በፊት ማወቅ ይገባ ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ «ሌላ ዙር ይኖራል?» የሚለው ነው። «በፍጹም» የሚል ኃላፊ ከስድስት ወር በኋላ በዚያው አዳራሽ ፊቱን የሚያሳይበት አያገኝም። «እናያለን» የሚለውም መልስ አልሰጠም። የሚሻለው ሁኔታውን መግለጥ ነው፦ «የሁለተኛው ግማሽ ዓመት ገንዘብ እስከ ጥር 30 ካልገባ እንደገና እንቀመጣለን። እስከዚያ ተጨማሪ ቅነሳ በዕቅዳችን ውስጥ የለም።» እዚህ ላይ ብዙዎች ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃሉ። አላውቅም፣ አውቃለሁ ግን መናገር አልችልም፣ ገና አልተወሰነም፤ እያንዳንዱ የራሱ መልስ ነው። የመጀመሪያውን የሚል ሰው መቼ እንደሚያውቅ፣ ሁለተኛውን የሚል ምን እንደከለከለው፣ ሦስተኛውን የሚል ማን መቼ እንደሚወስን መጨመር አለበት። ሠራተኛ ሦስቱን በደንብ ይለያል፤ ኃላፊው የሚያውቀውን «አላውቅም» ብሎ ከዚያ ወሬው ከሾፌሩ አፍ ከተሰማ ቀጥሎ የሚናገረውን የሚያምነው የለም።

«ከመቼ ጀምሮ ያውቃሉ?» የሚለው ደግሞ ቀን ነው የሚፈልገው። ደብዳቤው ግንቦት 12 ከደረሰ ግንቦት 12 ነው፤ ለምን አንድ ወር እንደቆየም አብሮ ይነገራል። «የአለቆችስ ደመወዝ?» ለሚለውም ቁጥር ይቀርባል። የኃላፊዎቹ አበልና መኪና ካልተነካ «አልተነካም» ማለት ያሳፍራል፤ ሆኖም ከመሸሽ ይሻላል። ምናልባት ያ ኀፍረት ራሱ ከስብሰባው በፊት ነገሩን ያስተካክለው ይሆናል።

አዋጁ የሥራ ውል ሲቋረጥ ለሠራተኛው የሚገባው ክፍያ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲከፈል ያዛል። እንዲህ ባለ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሠራተኛ የተነገሩት ቀኖችና የገንዘብ መጠኖች በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍሩ እዚያው እጁን አውጥቶ ይጠይቅ፤ ግልባጩንም ይውሰድ።