የጋብቻ በዓል መልእክት፦ ባልና ሚስት በጋራ የሚጽፉት አጭር ጽሑፍ

የጋብቻ በዓል መልእክት ባልና ሚስት የተጋቡበት ቀን ሲመለስ ለዘመድና ለወዳጅ የሚያስተላልፉት አጭር ጽሑፍ ነው። ብዙ ጊዜ ከሠርጉ ቀን ፎቶ ጋር ይወጣል። 25ኛው ዓመት የብር፣ 50ኛው የወርቅ ኢዮቤልዩ ተብሎ በድግስ ሊከበር ይችላል፤ ሌሎቹ ዓመታት ግን አብዛኛውን ጊዜ በመልእክቱ ብቻ ይታወሳሉ።

የመልእክቱ መነሻ ቀኑ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በአጽዋማት ሠርግ ስለማይደረግ፣ ሠርጎች በጥር እና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ይበዛሉ። ፋሲካ ግን በየዓመቱ ቀኑ ይለዋወጣል። ስለዚህ ከፋሲካ ማግስት የተጋቡ ሰዎች በዓላቸው አንድ ዓመት በፍስክ፣ ሌላ ዓመት በዐቢይ ጾም ላይ ሊውል ይችላል።

ለምሳሌ አየር ጤና የሚኖሩ ባልና ሚስት በዳግማ ትንሣኤ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ተጋብተዋል እንበል። በ2008 ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 23 ስለ ነበር የመጀመሪያ ዓመታቸው በጾሙ ውስጥ ገባ። 5ኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2012፣ ከራሱ ከፋሲካ ጋር ገጠመ፤ ያኔ ደግሞ በኮሮና ምክንያት ሰው መሰብሰብ ተከልክሎ ነበር። በ2017 ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለና 10ኛው ዓመታቸው ቅዳም ሥዑር ላይ አረፈ።

በጥር የተጋቡ ሰዎች የሚገጥማቸው ሌላ ነው። ጥር 15 ቀን 2008 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጃንዋሪ 24 ነበር፤ በ2018 ግን ጥር 15 ጃንዋሪ 23 ላይ ዋለ። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው ዓመት፣ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ያሉ ቀኖች በፈረንጆቹ አንድ ቀን ወደ ፊት ስለሚገፉ ነው። ማስታወሻውን በፈረንጆቹ ቀን ስልኩ ላይ የመዘገበ ባል እንኳን አደረሰሽ ሲል አንድ ቀን ሊያረፍድ ይችላል።

ቀኑ ከታወቀ በኋላ መልእክቱ በተለመደው ቅደም ተከተል ይሄዳል። ዓመቱ ይነገራል፤ ምስጋና ይከተላል። ክርስቲያኖች «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ ሙስሊሞች «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። ቀጥሎ ከቤታቸው ሕይወት አንድ ነገር ይመጣል፤ ፍቅሩም ጨዋታውም የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። በመጨረሻ ወላጆች፣ ሽማግሌዎችና ሚዜዎች ይታወሳሉ። ከላይ የተጠቀሱት ጥንዶች የ10ኛ ዓመታቸውን መልእክት እንዲህ ሊጽፉት ይችላሉ፦

«በ2007 ዳግማ ትንሣኤ ተጋባን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ 10 ዓመት ሞላን። የመጀመሪያውን ዓመት በሽሮ፣ አምስተኛውን በፋሲካ ዶሮ አከበርን፤ አሥረኛው ቅዳም ሥዑር ላይ ስለ ዋለ ዶሮው እየሸተተን ሌሊቱን እንጠብቃለን። ሜክሲኮ ላይ የአየር ጤናን ታክሲ ስንጠብቅ ብዙ ተጨዋውተናል፤ ታክሲው ቶሎ የመጣ ቀን ወሬያችን ሳያልቅ ቤት እንደርሳለን። ወላጆቻችን፣ ሽማግሌዎቻችንና ሚዜዎቻችን፣ ምርቃታችሁ ደርሶልናል። ለጋብቻ በዓላችን እንኳን አደረሰን።»

እዚህ ጽሑፍ ውስጥ «እወድሃለሁ» ወይም «እወድሻለሁ» የሚል ቃል የለም። አሥር ዓመት ሙሉ በታክሲ ሰልፍ ወሬ ያልሰለቻቸው መሆኑ ግን ፍቅራቸውን ይናገራል። መልእክቱን አማትም አማችም ሳያፍሩ ሊያነቡት ይችላሉ። ጨዋታውም የሚነካው ሰው የለም፤ የሚያስቀው የቀኑ አጋጣሚና የዶሮው ሽታ ነው።

መልእክቱ የሚበላሽባቸው ቦታዎችም ይታወቃሉ። አንደኛው የተናጋሪው መቀያየር ነው፦ «ተጋባን» ብሎ በሁለቱ ስም የጀመረ ጽሑፍ መሃል ላይ «አንቺ» ካለ ማን እየጻፈ እንደሆነ ይጠፋል። በጋራ ሲጻፍ «እንኳን አደረሰን»፣ አንዱ ለሌላው ሲጽፍ «እንኳን አደረሰሽ» ወይም «እንኳን አደረሰህ» ይባላል፤ ከሁለቱ አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መያዝ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ቀልዱ በአንደኛው ላይ ብቻ ሲወድቅ ነው። የሚስት ወጥ ማረር ወይም የባል ኪስ መሳሳት ቤት ውስጥ ያስቅ ይሆናል፤ ዘመድ ሁሉ ሲያነበው ግን አቤቱታ ይመስላል። ሦስተኛው የሌሎች ድርሻ መዘንጋት ነው። ሽምግልና የሄዱና ሚዜ የሆኑ ሰዎች ስማቸው ባይዘረዘር እንኳ በአንድ ዐረፍተ ነገር መመስገን ይጠብቃሉ።

መልእክቱን የሚያነቡ ታላላቆች መልሳቸው ምርቃት ነው፦ «ትዳራችሁን ያጽናላችሁ፤ የአብርሃምና የሣራ ያድርግላችሁ፤ ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ።» ባልና ሚስቱ «አሜን» ሲሉ የዓመቱ ልውውጥ ይጠናቀቃል።