አንዷ ስትናገር፣ አንዱ ሲዘጋ

ባልና ሚስት ሲጣሉ እኛ የምናውቀው ሽማግሌ መጥራት ነው። ሽማግሌዎቹ ሁለቱንም ያዳምጣሉ፣ ጥፋቱን ይለያሉ፣ ያጠፋው ይቅርታ ይጠይቃል፣ ተሳስመው ቡና ተጠጥቶ ይበተናል። ለብዙ ጠብ ይህ ይበቃል። ሰክሮ የተሳደበ፣ አማቱን ያዋረደ፣ ሳያማክር መሬት የሸጠ ሰው ጥፋቱ ተነግሮት ይካሳል። ችግሩ የሚመጣው አጥፊው ማን እንደሆነ የማይለይበት፣ ያው ጠብ በየሳምንቱ የሚመላለስበት ቤት ሲያጋጥም ነው።

ከብዙ ቤቶች ያውጣጣሁትን አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። ከተጋቡ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሁለት ልጆች አሏቸው። ባል አምሽቶ ይገባል። ሚስት በር ላይ ሆና «የት ነበርክ? ስልክህንስ ለምን አታነሳም?» ትላለች። «ሥራ» ብሎ ያልፋል። ተከትላ ሳሎን ትገባለች፤ ድምጿ ከፍ ይላል። እሱ ስልኩ ላይ ያቀረቅራል። እሷ ስልኩን ስትቀማው ጃኬቱን አንስቶ ይወጣል። ከዚያ የሦስት ቀን ኩርፊያ ይከተላል። በዚያ ሰሞን መልእክት የሚያመላልሱት ልጆቹ ናቸው፦ «ለአባትሽ ራት ቀርቧል በይው»።

ሽማግሌ ገባ፤ «ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በፊት ቤትህ ግባ» ተብሎ ተፈረደበት። ቃሉን አክብሮ በጊዜ መግባት ጀመረ። ግን ገብቶ ስልኩ ላይ ያቀረቅራል፤ እሷም «አካልህ እንጂ አንተ የለህም» ማለት ጀመረች። ሰዓቱ ተስተካከለ፣ ጠቡ ግን እዚያው ነበር። ሁለቱ የሚጣሉት በሰዓት ይመስል ነበር እንጂ በሰዓት አልነበረም።

የጥንዶች ምክክር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ባለሙያው ዳኛ አይደለም፤ «ትክክሉ ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጥም። ይህን ያልተረዱ ጥንዶች የመጀመሪያውን ቀን ማስረጃ ሲያቀርቡ ይጨርሱታል፤ አንዳንዶቹ ስልካቸውን ከፍተው የተላላኩትን መልእክት ያነብባሉ። ባለሙያው የሚከታተለው ግን ጠቡ የሚሄድበትን መንገድ ነው፤ ማን ምን ሲያደርግ ሌላው ምን እንደሚሆን፣ ያም የመጀመሪያውን መልሶ እንዴት እንደሚያስቆጣው። አንዱ ሲከታተል ሌላው ይሸሻል፤ ሲሸሽ ተከታታዩ ይብስበታል፤ ሲብስበት ሸሺው የባሰውን ይዘጋል። እያንዳንዱ «የጀመርከው አንተ ነህ»፣ «አንቺ ነሽ» ይላል። ሁለቱም ከቆሙበት ሲያዩት እውነታቸውን ነው፤ ክብ ነገር መጀመሪያ የለውምና።

አሠራሩ ከባለሙያ ባለሙያ ቢለያይም የተለመደው አካሄድ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሁለቱን አብሮ ያገኛቸዋል፤ ጠቡን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደተዋወቁም ይጠይቃል። ቀጥሎ እያንዳንዳቸውን ለየብቻ አንድ አንድ ጊዜ ያነጋግራል። ይህ የግል ቆይታ ትልቅ ምክንያት አለው። በቤቱ ውስጥ ድብደባ ወይም ፍርሃት መኖሩን፣ ከሁለቱ አንዱ ለመፍታት ወስኖ እንደሆነ፣ የተደበቀ ሌላ ግንኙነት እንዳለ ማወቅ የሚቻለው በዚያ ነው። ጠንቃቃ ባለሙያ ለብቻ የሚነገረው ነገር ሚስጥር ሆኖ ይቆይ እንደሆነና እንዳልሆነ አስቀድሞ ለሁለቱም ይናገራል። ከዚያ በአራተኛው ቆይታ ያየውን የጠብ ዑደት ያስረዳቸዋል፤ ሥራው የሚጀመረውም ከዚያ በኋላ ነው።

ሥራው ምን እንደሚመስል ከእነዚያ ባልና ሚስት አንድ ደቂቃ ልውሰድ። ሚስት «ሁልጊዜ እንዲህ ነው፣ ግድግዳ ነው የማናግረው» ትላለች። ባል ዓይኑን ወደ ወለሉ ያወርዳል። ባለሙያዋ እጇን ቀስ አድርጋ አንስታ ሚስትን ታስቆማለች፣ ወደ ባል ዞራም «አሁን ዓይንዎን ሲያወርዱ ውስጥዎ ምን ሆነ?» ትላለች። «ምንም።» «ምንም ከማለትዎ በፊትስ?» ረጅም ዝምታ። «ምን ብናገር ልክ አይሆንም። ከተናገርኩ ይብሳል፤ ዝም ካልኩ ቢያንስ አይጨምርም።» ወደ ሚስት ትዞራለች፦ «ይህን ያውቁ ነበር?» «አላውቅም። እኔ የሰለቸሁት ነው የሚመስለኝ። ለዚህ ነው የምጮኸው፤ ቢቆጣ እንኳ መኖሬን ያውቃል ብዬ።» ባለሙያዋ እዚህ ላይ ምክር አትሰጥም። «ለእኔ ሳይሆን ለእሱ ዞረው ይንገሩት» ትላለች። ሚስት ስትዞር ድምጿ ከበፊቱ ዝቅ ብሏል፤ ባልም ቀና ብሎ ያያታል።

ይህ ዘዴ ስሜት ላይ ያተኮረ ምክክር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በካናዳ ሱ ጆንሰንና ሌስሊ ግሪንበርግ የቀመሩት ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 20 ቆይታ ይፈጃል። ከሌላ ወገን የመጣ አንድ ነገር ደግሞ ለቤት ሥራ በጣም ይጠቅማል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ጆን ጎትማን በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጥንዶችን ሲጨቃጨቁ እየቀረጸ፣ የልባቸውን ምት ሳይቀር እየለካ ሲያጠና ነበር። የልብ ምት በደቂቃ ከ100 በላይ ሲሆን ሰው የሌላውን ቃል በቅጡ መስማት ያቅተዋል፤ ለመረጋጋት ቢያንስ 20 ደቂቃ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ያ ጃኬቱን አንስቶ የሚወጣ ባል መውጣቱ በራሱ ስህተት አይደለም። ስህተቱ መቼ እንደሚመለስ ሳይናገር መውጣቱ ነው። «ደሜ ፈልቷል፤ ግማሽ ሰዓት ስጪኝ፣ ሦስት ሰዓት ላይ እንነጋገራለን» ብሎ ሦስት ሰዓት ላይ ቢመጣ ለሚስት ሌላ ትርጉም አለው።

ጎትማን ያገኘው ሌላው ነገር ብዙዎችን ያስደነግጣል፦ ጥንዶች ከሚጋጩባቸው ጉዳዮች ከመቶ 69 ያህሉ ጨርሶ የማይፈቱ፣ ከጠባይና ከአስተዳደግ ልዩነት የሚመጡ ናቸው። ደስተኞቹም እነዚያው አሏቸው። ልዩነቱ ሳይናናቁ መነጋገር መቻላቸው ነው። እንግዲህ ምክክር ገብቶ «ባሌ ለወንድሙ ገንዘብ መላክ ያቆምልኛል» ብሎ የጠበቀ ሰው የተሳሳተ ቦታ መጥቷል።

መቼ ይኬድ? የጠቡ መጠን መለኪያ አይሆንም። በዓመት አንዴ ሳህን የሚሰብር ጠብ ተነጋግረው ከታረቁበት ያን ያህል አያሰጋም። የሚያሰጋው ዘወትር በአንድ መንገድ ጀምሮ በአንድ መንገድ የሚያበቃው ነው። አንዱ ለመታረቅ ሲቀልድ ወይም ሻይ ሲያቀርብ ሌላው የማይቀበለው ከሆነ፣ ንግግሩ በልጆች በኩል ከሆነ፣ ከንፈር መምጠጥና ማሽሟጠጥ ከገባበት ጊዜው አሁን ነው። ከሁሉ የከፋው ንቀት ነው። ጠብ የሌለበት ግን ሁለቱ እንደ ተከራዮች የሚተላለፉበት ቤትም እዚሁ ይመደባል። ሰው ግን የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ፣ አንዱ በልቡ ሻንጣውን ካዘጋጀ በኋላ ነው።

የማይኬድበትም ጊዜ አለ። ድብደባ፣ ማስፈራራት፣ ገንዘብና መውጣት መግባትን መቆጣጠር ባለበት ቤት አብሮ መቀመጥ አደጋ ነው። ሚስት በባለሙያው ፊት የተናገረችው ማታ ቤት ውስጥ ያስቀጣታል። እዚያ የሚያስፈልገው የጥንዶች ምክክር ሳይሆን የተጎጂዋ ደኅንነት ነው።

ውጤቱንም እንደ ተአምር ማየት አይገባም። አንድሩ ክሪስተንሰንና ኒል ጃኮብሰን በአሜሪካ 134 ለረጅም ጊዜ በጠብ የኖሩ ጥንዶችን እስከ 26 ቆይታ ድረስ አግዘው ነበር። ሲያበቃ ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ተሻሽለዋል። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲታዩ ግን መሻሻሉ የቆየላቸው ግማሽ ያህሉ ሲሆኑ ሩብ ያህሉ ተለያይተዋል። ከአራት አምስት ቆይታ በኋላ ሁለቱም የጠባቸውን ዑደት በራሳቸው አንደበት መናገር ካልቻሉ ወይም አንደኛው «ባለሙያው የእሷ ወገን ነው» የሚል ከሆነ ያንኑ ለባለሙያው በግልጽ መንገር፣ ካልተስተካከለም መቀየር ይገባል።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ፦ «ገመናዬን ለማላውቀው ሰው? እኔ የለሁበትም!» እምቢታ ከብዙ ነገር ይመነጫል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ከሥሩ ያለው ፍርሃት አንድ ነው፤ ሁለት ሆነው አንዱን ይከሱታል የሚል። ስለዚህ «አንተ ችግር አለብህ፣ ታከም» ብሎ መጋበዝ እምቢታውን ማጽደቅ ነው። በጠብ መሀል ወይም በዘመድ ፊት መጠየቅም እንደዚያው። የእኛዋ ሚስት ቅዳሜ ጠዋት፣ ልጆቹ ሳይነሱ ያለችው ይህ ነው፦ «እኔ ስጨቀጭቅህ፣ አንተም ስትወጣብኝ ሁለታችንም ደክመናል። የእኔን ጩኸት ማቆም እፈልጋለሁ፣ ብቻዬን ግን አቃተኝ። ሦስት ጊዜ ብቻ አብረን እንሂድ፤ ካልጠቀመህ ዳግመኛ አልጠይቅህም። ሰውየውን ግን አንተ ምረጥ።» ቁጥሩ መወሰኑና ምርጫው የእሱ መሆኑ ነው ነገሩን ያቀለለው። «ካልመጣህ እፈታሃለሁ» የሚባለው ግን የእውነት ካልሆነ በቀር መነገር የለበትም፤ ያልተፈጸመ ዛቻ ቀጣዩን ቃል ዋጋ ያሳጣዋል።

አሁንም እምቢ ካለ ብቻዋን መሄድ ትችላለች፤ ግን ጥንዶችን ማማከር የሚያውቅ ባለሙያ ትምረጥ። የአንድ ወገን ታሪክ ሲሰማ ማዘን ቀላል ነው፤ ባሏን አይቶት ሳያውቅ በሦስተኛው ቀን የበሽታ ስም የሚያወጣለት ባለሙያ እየጎዳት ነው። ደኅናው ባለሙያ በዑደቱ ውስጥ የእሷን ግማሽ ያሠራታል፦ በር ላይ አለመጠየቅ፣ አንድ ጉዳይ ብቻ በረጋ ሰዓት ማንሳት፣ «አንተ» ከማለት «እኔ የናፈቀኝ» ብሎ መጀመር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ባል «ምን ልታደርገኝ ነው?» ብሎ ይበልጥ ሊርቅ ይችላል፤ ያ ብቻውን የመክሸፍ ምልክት አይደለም። ባል በኋላ እመጣለሁ ካለ ደግሞ አብሮ የሚያያቸው ሌላ ባለሙያ ቢሆን ይመረጣል። ለወራት የእሷ ብቻ የነበረ ባለሙያ ለእሱ ገለልተኛ አይመስለውም።

እምቢታው ከፍርሃት ሳይሆን ለመፋታት ከማዘንበል የመጣ ከሆነ ግን የተለመደው ምክክር አይሠራም፤ አንዱ ለማዳን፣ አንዱ ለመውጣት ይቀመጣሉና። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲው ዊልያም ዶኸርቲ ለእንዲህ ያሉት ቢበዛ አምስት ቆይታ ያለው አጭር አካሄድ አዘጋጅቷል። ጋብቻውን ለመጠገን አይሞክርም፤ አብዛኛው ሰዓት የሚሄደው ከእያንዳንዳቸው ጋር ለብቻ በመነጋገር ሲሆን መጨረሻ ላይ ከሦስት አንዱን ይመርጣሉ፦ እንዳሉ መቀጠል፣ መለያየት ወይም ፍቺን ወደ ጎን ትቶ ለስድስት ወር ከልብ መሞከር። እምቢ ላለ ሰው «ጋብቻችንን እንጠግን» ከሚለው ይልቅ «ከመወሰናችን በፊት በደንብ እንየው» የሚለው ግብዣ ይቀለዋል።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰም ለዚህ ጊዜ አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዳኛው ሁለቱን በአንድነትም በተናጠልም እንዲያነጋግር፣ ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲሞክሩ እንዲጠይቃቸው፣ ይህ ካልሆነ ከሦስት ወር ያልበለጠ ማሰላሰያ ጊዜ እንዲሰጣቸው ይፈቅዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አምስት ቆይታ ይበቃል፤ እስከዚያ ድረስ እምቢ ያለውም ወገን ብዙ ጊዜ ለመምጣት ፈቃደኛ የሚሆነው ያኔ ነው።