ክፍሉን አስረክበዋል፤ አካውንትዎስ?

የሆቴል ክፍል ሲለቀቅ ቁልፍ ይመለሳል፣ ሂሳብ ይዘጋል፣ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ የቀረ ቻርጀር ይፈለጋል። ቴሌቪዥኑን ዞር ብሎ የሚያይ ሰው ግን ብዙም የለም። ማታ የከፈትነው ኔትፍሊክስ ወይም ዩቲዩብ እኛ ከሄድን በኋላም እዚያው በስማችን ክፍት ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ቀጣዩ እንግዳ ሪሞቱን ሲያነሳ ያየናቸውን ፊልሞች፣ የፈለግናቸውን ነገሮችና በልጆቻችን ስም የተከፈቱትን ፕሮፋይሎች ያገኛል። እሱ በእኛ አካውንት እያየ ሳለም እኛ ቤታችን ገብተን ልንከፍት ስንል ቦታ ልናጣ እንችላለን፤ የኔትፍሊክስ መደበኛ ጥቅል በአንድ ጊዜ የሚፈቅደው ለ2 ስክሪን ብቻ ነውና።

ችግሩ የሚጀምረው ቴሌቪዥኑ ምን እንደያዘ ካለማወቅ ነው። አካውንታችንን ስንከፍት ኔትፍሊክስ ወይም ጉግል ለዚያ ቴሌቪዥን የረጅም ጊዜ ፈቃድ ይሰጠዋል። ፈቃዱ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ተቀምጦ ይቆያል፤ በሪሞት ብናጠፋው፣ ከሶኬት ብንነቅለው፣ መብራት ቢጠፋም አይሰረዝም። የሚሰረዘው ከቴሌቪዥኑ ላይ ሆነን በትክክል ስንወጣ ወይም ከስልካችን ፈቃዱን ስንነጥቀው ነው።

አንዳንድ ሆቴሎች ይህን ሥራ ለእንግዳው ይሠሩለታል። ማሪዮት በ2015 ኔትፍሊክስን ወደ ክፍሎቹ ሲያስገባ እንግዳው ሲወጣ መረጃው እንደሚጠፋ አስታውቆ ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ቴሌቪዥን ከሪሴፕሽኑ ሲስተም ጋር የተያያዘ ነው። ሲከፈት ብዙ ጊዜ የእንግዳውን ስም ወይም የክፍሉን ቁጥር ያሳያል፤ ሪሴፕሽኑ ቼክ አውት ሲያደርግ ቴሌቪዥኑም ይጸዳል። ብዙ መካከለኛና አነስተኛ ሆቴሎች ግን ከሱቅ የተገዛ ተራ ስማርት ቲቪ ነው የሚሰቅሉት። እሱ ደግሞ እንግዳ መጣም ሄደም የሚያውቀው ነገር የለም። ለመለየት ቀላሉ መንገድ የራስዎን አካውንት ከማስገባትዎ በፊት ዩቲዩብን ከፍቶ ማየት ነው። የማያውቁት ሰው ስምና ፎቶ ከመጣ ያ ሆቴል ቴሌቪዥኑን አያጸዳም ማለት ነው። የዚያን ሰው አካውንት ሳይጠቀሙ ያስወጡለት፤ የራስዎንም በራስዎ እጅ ማስወጣት እንዳለብዎት ከወዲሁ ይወቁት።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን ይዛ ከዋሽንግተን አካባቢ መጥታ ቢሾፍቱ አንድ ሆቴል አርፋለች እንበል። የኔትፍሊክስ አካውንቱ የተከፈተው እዚያው አሜሪካ በቀረው ባለቤቷ ኢሜይል ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ኔትፍሊክስን ስትከፍት ሁለት አማራጭ ይመጣላታል፦ ኢሜይልና የይለፍ ቃል በሪሞት መጻፍ፣ ወይም በስልክ መግባት። የሚሻለው ሁለተኛው ነው። በሪሞት ፊደል በፊደል ሲለቀም የይለፍ ቃሉን ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሊያየው ይችላል። በስልክ ከሆነ ግን ቴሌቪዥኑ 8 አሃዝ ያለው ኮድ ያሳያል፤ እናትየው በስልኳ አሳሽ `netflix.com/tv8` ብላ ራሷ ትጽፍና ኮዱን ታስገባለች። የይለፍ ቃሉ ቴሌቪዥኑ ዘንድ አልደረሰም። ለዩቲዩብም ስልቱ ያው ነው፤ አድራሻው `youtube.com/activate` ነው። ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠ ወይም ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ያለ ኪው አር ኮድ የይለፍ ቃል ወደሚጠይቅ ገጽ ከወሰዳት ግን መዝጋት አለባት።

እዚህ ላይ ብዙ ተጓዥ የሚደናገርበት ነገር ይመጣል። ኔትፍሊክስ ቴሌቪዥኑ የቤተሰቡ አለመሆኑን አውቆ ሊያግዳት ይችላል። በጉዞ ላይ መሆኗን ወይም ለጊዜው ማየት እንደምትፈልግ የሚገልጸውን አማራጭ ስትመርጥ የማረጋገጫ ኮድ ለአካውንቱ ባለቤት ኢሜይል ወይም ስልክ ይላካል፤ የሚያገለግለውም ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው። ቢሾፍቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ሌሊት ነው፤ ባልየው ተኝቶ ሳለ ኮዱ ጊዜው ያልፍበታል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ከሆነ ግን እዚያ ገና ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ደውላ ኮዱን ወዲያው ልትቀበለው ትችላለች።

ሌላው ጥንቃቄ የጉግል አካውንትን ይመለከታል። ዩቲዩብ መተግበሪያ ውስጥ መግባትና አካውንቱን በቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ላይ ማስመዝገብ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው አካውንትዎን ከመተግበሪያ መደብሩ ጋር ጭምር ስለሚያገናኘው በሆቴል ቴሌቪዥን ላይ ባይሞከር ይመረጣል። ድራማ ወይም መዝሙር ለመክፈት ብቻ ከሆነ ዩቲዩብ ያለ አካውንትም ይሠራል።

መውጫውን ለመጨረሻው ጠዋት አያቆዩት። ሻንጣ እየታሰረና ታክሲ እየጠበቀ ይረሳል፤ ስለዚህ የመጨረሻው ማታ ፊልሙ እንዳለቀ ይሁን። ኔትፍሊክስ ላይ ከማውጫው `Get Help`፣ ቀጥሎ `Sign out` ይመረጣል። ማውጫውን ካጡት በሪሞቱ ቀስቶች ይህን በቅደም ተከተል ይጫኑ፦ ላይ፣ ላይ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ላይ፣ ላይ፣ ላይ፣ ላይ። መውጫው ያለበት ገጽ ይመጣል። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ ፎቶዎን መርጠው የአካውንቱን ገጽ ይክፈቱ፤ `Remove account` የሚል ካለ እሱን ይምረጡ፣ ስምዎን ከዝርዝሩ ያጠፋዋልና። ከዚያ መተግበሪያውን ዘግተው እንደገና ይክፈቱት። በትክክል ወጥተው ከሆነ እንደ አዲስ ግቡ ይላል፤ ፊትዎ ወይም ፕሮፋይልዎ ከመጣ አልወጡም። ቴሌቪዥኑን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መመለስ ግን የሆቴሉን ቻናሎች ሊያጠፋ ስለሚችል ሪሴፕሽኑን ሳይጠይቁ አይንኩት።

የመጨረሻው ማረጋገጫ ስልክዎ ላይ ነው። በኔትፍሊክስ አካውንት ገጽ የደህንነት ክፍል ውስጥ አካውንቱን በቅርቡ የተጠቀሙ መሣሪያዎች ከነቦታቸውና ከነጊዜያቸው ይዘረዘራሉ። ቦታው በኢንተርኔት መስመሩ የሚገመት ስለሆነ ቢሾፍቱ የነበረው አዲስ አበባ ተብሎ ቢመጣ አይደንግጡ፤ የቴሌቪዥኑን ዓይነትና ሰዓቱን አስተያይተው እሱን ብቻ ያስወጡት። ለዩቲዩብ `myaccount.google.com/permissions` ላይ ገብተው `YouTube on TV` የሚለውን ፈቃድ ይሰርዙ። ይህ የቤትዎን ቴሌቪዥንም አብሮ ስለሚያስወጣ ቤት ሲደርሱ እንደገና መግባት ይኖርብዎታል።

ረስተው ኤርፖርት ከደረሱም ይኸው የስልክ መንገድ ይሠራል፤ ወደ ሆቴሉ መመለስም ሆነ አስተናጋጁን ማስቸገር አያስፈልግም። የይለፍ ቃልዎን በሪሞት ጽፈው ከነበረ ግን ቢቀይሩት ጥሩ ነው። ሲቀይሩ ሁሉም መሣሪያዎች ይውጡ የሚለውን ምልክት ማድረግ አይርሱ፤ ያለዚያ የሆቴሉ ቴሌቪዥን አስቀድሞ በያዘው ፈቃድ ሊቀጥል ይችላል።